ስኳር ያለበት ሹፌር ኪስ ውስጥ ስኳር ለምን?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከ10 ሰከንድ በኋላ ዝቅ ይላል)

በሞጆ ደረቅ ወደብ በር ላይ ወረፋ የያዛችሁ ሹፌሮችና ረዳቶች፣ ጫኝና አውራጆች፣ ትራንዚተሮች፣ ከበሩ ወጣ ብላችሁ ሻይና ምግብ የምትሸጡ እናቶችና እህቶች፣ እንዲሁም በእድራችሁ ድንኳን ሥር ተሰብስባችሁ በድምፅ ማጉያ የምታዳምጡን ሁሉ፣ ይህ ለእናንተ ነው።

ዛሬ የምናወራው ስለ ስኳር ሕመም ነው። የስኳር ነገር ሲነሳ ወሬው ብዙውን ጊዜ «ጣፋጭ አትንኩ» ከሚለው ይጀምራል። ምክሩ ልክ ነው። ለከባድ መኪና ሹፌር ግን ይህ ብቻ ተነግሮት ከሄደ ነገሩ ጎደሎ ነው። ስኳር የሚባል ነገር አጠገቡ እንዳይደርስ አድርጎ፣ ክኒኑን ውጦ ወይም ኢንሱሊኑን ተወግቶ፣ ምሳ ሳይበላ ወደ አፋር ሲወርድ መንገድ ላይ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። ከፍ ያለ ስኳር ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ በዓመታት ውስጥ ነው። የወረደ ስኳር ግን በደቂቃዎች ውስጥ መሪ የያዘን ሰው ራሱን ሊያስት ይችላል። ስለዚህ የዛሬውን ጊዜያችንን አብዛኛውን የምንሰጠው ለወረደ ስኳር ነው።

መጀመሪያ ግን ስኳር እንዴት እንደሚወርድ እንድንረዳው ሁለት ነገር ልበል። የምንበላው እንጀራም ሆነ ዳቦ፣ ፓስታም ሆነ ሩዝ፣ ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ስኳር ይሆንና ደም ውስጥ ይገባል። ደም ውስጥ ያለውን ስኳር እዚህ ግቢ ውስጥ እንደተደረደረ ኮንቴይነር ቁጠሩት። ኮንቴይነሩ የመውጫ ፈቃድ ካላገኘ ከግቢው አይወጣም፤ ባለዕቃውም እየጠበቀ ይውላል። ለስኳር የመውጫ ፈቃድ የሚሰጠው ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊኑ ሲጠፋ ወይም አልሠራ ሲል ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሰውነት ግን ይራባል። የስኳር ሕመም ማለት ይኸው ነው። መድኃኒቱ ስኳሩ ከደም እንዲወጣ ያደርጋል። መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ ምግብ ካልገባ ግን ያለው ሁሉ ይወጣና ግቢው ባዶ ይቀራል። አእምሮ ደግሞ ያለ ስኳር ብዙ አይቆይም።

እዚህ ላይ መድኃኒት ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሜትፎርሚን የሚባለው ክኒን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው። ግሊቤንክላሚድ የሚባለው ግን ቆሽትን «ኢንሱሊን አምጣ» እያለ የሚጨምቅ ክኒን ነው። ምግብ በላችሁ አልበላችሁ አይጠይቅም፤ ጉልበቱም እስከ አንድ ቀን ሊቆይ ይችላል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰውም ያው ነው። እንግዲህ እያንዳንዳችሁ የክኒናችሁን ስም ከማሸጊያው ላይ አንብቡ፤ ማንበብ የሚያስቸግራችሁ መድኃኒት ቤቱን ጠይቁ። በቀለሙና በቅርጹ አትለዩት፤ አንዱ ፋብሪካ ነጭ የሠራውን ሌላው ሮዝ ሊያደርገው ይችላል።

አሁን አንድ ሹፌር እናስብ። ዕድሜው ወደ 50 የተጠጋ፣ ተሳቢ የሚነዳ፣ ስኳር ካለበት 6 ዓመት የሆነው፣ ጠዋት ጠዋት ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ የሚውጥ ሰው ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ክኒኑን በግማሽ ዳቦና በሻይ ወሰደ፤ «ምሳ አዳማ እበላለሁ» ብሎ ነው። ወረቀቱ ዘገየ። ወረፋው አልንቀሳቀስ አለ። ከሞጆ ሲወጣ ሰባት ሰዓት ሆኗል። አዳማን «ከቆምኩ ይመሽብኛል» ብሎ አለፈው። ጋቢና ውስጥ ጫት አለ፤ ጫት ደግሞ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ረሃቡም አይሰማውም። ወለንጪቲን አለፈ። መተሐራ ሊደርስ ሲል ረዳቱ ሹፌሩን ቀና ብሎ ሲያየው ግንባሩ በላብ ተጠምቋል። ሙቀቱ ይሆናል አለ። ቀጥሎ እጁ መሪው ላይ ሲንቀጠቀጥ አየ። ከዚያ መኪናው ወደ መሐል መስመር ሸሸ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሸሸ።

«ጋሼ፣ ደህና አይደለህም እንዴ? ዳር እንያዝ።»

«ምን ሆንኩና ነው? ዝም ብለህ ተቀመጥ!»

ይህ ቁጣ የሰውየው ጠባይ አይደለም፤ ከምልክቶቹ አንዱ ነው። ስኳር ሲወርድ አመጣጡ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት እርከን ነው። በመጀመሪያ ሰውነት ደወል ይደውላል፤ ላብ ያጠምቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ ድንገተኛ ረሃብ ይመጣል። በዚህ ጊዜ ሰውየው ራሱን ማዳን ይችላል። ደወሉ ካልተሰማ አእምሮ መጎዳት ይጀምራል፤ ዓይን ይደበዝዛል፣ ምላስ ይተሳሰራል፣ ሰውየው ይነጫነጫል፣ እንቢ ይላል፣ የሚያውቀው መንገድ ይጠፋዋል። በመጨረሻ ይወድቃል ወይም ያንቀጠቅጠዋል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «ሰክሯል» ብሎ ይተወዋል። ሌላው ችግር ጫት ራሱ ልብን ስለሚያስመታና ላብ ስለሚያመጣ፣ የቃመ ሰው «ምርቃና ነው» ብሎ ደወሉን ማለፉ ነው። ስኳር ለብዙ ዓመት የቆየበት ሰው ደግሞ ደወሉ ጨርሶ ላይደወልለት ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሰው የሚተማመነው በመለኪያው ነው።

ወደ ሹፌራችን እንመለስ። ረዳቱ አልተከራከረም። «ጋሼ፣ ጎማ የተነፈሰ መሰለኝ፣ ላፍታ አቁምልኝ» አለው። ዘዴው ሠራ፤ መኪናው ዳር ያዘ። ቁልፉ ተነቀለ። ጣቱ ተወጋ፤ መለኪያው 52 አለ። እኛ አገር መለኪያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳዩት በሚሊ ግራም ነው፤ በዚህ አቆጣጠር ከ70 በታች ከሆነ ስኳር ወርዷል ማለት ነው። የእናንተ መለኪያ ነጥብ ያለበት እንደ 3.9 ያለ ትንሽ ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ አቆጣጠሩ ሌላ ነው፤ 3.9 ማለት ያው 70 ነው። ቁጥር ሳይሆን LO የሚል ጽሑፍ ከመጣ መለኪያው ሊያነበው ከሚችለው በታች ወርዷል ማለት ነውና አትዘግዩ። መለኪያ አጠገባችሁ ከሌለስ? ምልክቱ ካለ አትጠብቁ፤ እንደወረደ ቆጥራችሁ ስኳር ስጡ። ሳይወርድ ብትሰጡት ለጥቂት ጊዜ ከፍ ይል ይሆናል፤ ወርዶ ሳለ ብትከለክሉት ግን ሰውየውን ልታጡት ትችላላችሁ።

ስንት ስኳር? 15 ግራም ያህል። በስብሰባ ላይ ያላችሁ እዚህ ጋ ድምፁን ለሁለት ደቂቃ አቁሙና አንድ ሰው ወደ ፊት ይውጣ። በግማሽ ብርጭቆ ውሃ 3 የሻይ ማንኪያ ሞላ ያለ ስኳር ጨምሮ ይበጥብጥ፤ ሁሉም ሰው ይየው። «ጣፋጭ ነገር ስጡት» ብሎ መናገር አይበቃም፤ አንዱ አንድ ከረሜላ ይሰጣል፣ ሌላው አንድ ኪሎ ሙዝ ያበላል። በዓይን የታየ ልክ ግን አይረሳም።

(ለ5 ሰከንድ ሙዚቃ፤ ለሠርቶ ማሳያው ማቆሚያ)

ውሃና ስኳር ከሌለ በ300 ሚሊ ሊትሯ የመስታወት ጠርሙስ ካለው ለስላሳ ግማሹ ይበቃል። ስኳር የሌለው ተብሎ የሚሸጠው ለስላሳ ግን ለዚህ ጉዳይ ከውሃ አይሻልም። ቸኮሌትና ብስኩትም ቅባት ስላለባቸው ይዘገያሉ። እንጀራና ዳቦ ቆይተው የሚሰጡ እንጂ የመጀመሪያ እርዳታ አይደሉም።

ሹፌራችን ግማሹን ጠርሙስ ጠጣ። 15 ደቂቃ ቆጥረው ለኩት፤ 66 ሆነ። ጨምሯል፣ ግን ገና ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ላቡ ደረቅ ሲል «ደህና ነኝ» ብሎ ቁልፉን ይጠይቃል። ቀሪውን ግማሽ ጠጣ። ሌላ 15 ደቂቃ። 94። አሁን እንጀራ በሽሮ በላ፤ ለስላሳው ያመጣው ስኳር ቶሎ ስለሚያልቅ ምግብ መከተል አለበት።

አሁንም መንዳት የለበትም። የስኳሩ ቁጥር ከተስተካከለ በኋላም አእምሮ ተመልሶ እስኪረጋጋ ጊዜ ይፈልጋል። በእንግሊዝ አገር ያለው የሹፌሮች ደንብ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሹፌር ከመነሳቱ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ ይለካል፤ መንገድ ላይም በየሁለት ሰዓቱ ይለካል፤ ከ90 በታች ከሆነ ሳይበላ አይነዳም፤ ስኳሩ ወርዶበት ከነበረ ደግሞ ከተስተካከለ በኋላ 45 ደቂቃ ይቆያል። ይህ ልክ እዚህም ያገለግላል። 45 ደቂቃ የጠፋበት ጭነት ይደርሳል።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ቅድም እንዳልነው የግሊቤንክላሚድ ጉልበት ረጅም ነው፤ ያ የተስተካከለ ስኳር ከጥቂት ሰዓት በኋላ እንደገና ሊወርድ ይችላል። በተለይ ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎችና አረጋውያን ላይ ይህ ይበዛል። ስለዚህ ሹፌራችን አዋሽ ሲደርስ ጤና ተቋም ጎራ ብሎ ይታያል፤ ከመተኛቱ በፊት ይለካል፤ ያን ቀን አልኮል አይቀምስም። አልኮል ጉበትን ስለሚያስይዘው ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር ለደም እንዳያወጣ ያደርጋል፤ ማታ ጠጥቶ ሳይበላ የተኛ ሰው ሌሊት ሊወርድበት ይችላል። የሚቀጥለውን ክኒን ደግሞ በራሱ ፈቃድ አይተወውም፣ እንደ በፊቱም ዝም ብሎ አይውጠውም፤ ለሚከታተለው ሐኪም የሆነውን ይነግራል። መንገድ ላይ የሚውል ሰው የምግብ ሰዓቱ ስለማይታወቅ መድኃኒቱን መቀየር ያስፈልግ ይሆናል፤ ሐኪሙ ግን ሥራችሁን ካልነገራችሁት አያውቅም። «ሹፌር ነኝ፣ ምሳዬን አንዳንድ ቀን አስር ሰዓት ነው የምበላው» በሉት። ለረመዳን ወይም ለሁዳዴ ጾም የምትዘጋጁም ጾሙ ሳይገባ በፊት ይህንኑ ንግግር አድርጉ።

ሰውየው ራሱን ስቶ ቢሆንስ? አፉ ውስጥ ምንም ነገር አይጨመርም። ውሃም፣ ስኳርም፣ ማርም። መዋጥ የማይችል ሰው ትን ይለውና ወደ ሳንባው ይገባል። በጎኑ አስተኙት፣ ሸሚዙን ፍቱለት፣ በአፋጣኝ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት፤ በደም ሥሩ ግሉኮስ ይሰጡታል። «የስኳር መድኃኒቱ ነው» ብሎ ኢንሱሊኑን የሚወጋው ሰው ግን የወረደውን ጭራሽ ያወርደዋል። ረዳቶች፣ ይህን አደራ።

አሁን ወደ ኢንሱሊን እንለፍ፤ በዚህ መንገድ የሚያስቸግረው መውጊያው ሳይሆን ሙቀቱ ነውና። ሞጆ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ነች። ሚሌና ሰመራ ስትደርሱ ከ500 ሜትር በታች ናችሁ፤ በሞቃቱ ወቅት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ጋቢና ደግሞ ከውጭው በብዙ ይብሳል። ያልተከፈተ የኢንሱሊን ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ ይቀመጣል። የተከፈተውና በሥራ ላይ ያለው ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ 4 ሳምንት ያህል ይቆያል። የተከፈተበትን ቀን ብልቃጡ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉበት።

ጋቢና ውስጥ የት ይቀመጥ? ዳሽቦርድ ላይ አይሆንም። የዕቃ ማስቀመጫው ሳጥን ውስጥም አይሆንም፤ ከሞተሩ ሙቀት ያገኘዋል። ሰፋ ያለ አፍ ባለው ፔርሙዝ ውስጥ፣ ብልቃጡ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ የነካ ጨርቅ ዙሪያውን ይዞት ይቀመጥ። በረዶ ላይ በቀጥታ አታስቀምጡት። የቀዘቀዘ ይሻላል ብለው ከፍሪዘር በረዶ ጋር አጣብቀው የሚሄዱ አሉ፤ አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም የሞተ ነው፤ ሲያዩትም ላያስታውቅ ይችላል። መኪናውን አቁማችሁ ስትወርዱ ፔርሙዙን ይዛችሁ ውረዱ።

ቤት ውስጥ ፍሪጅ ለሌላችሁ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ይበቃል። ትንሹን ከትልቁ ውስጥ አስቀምጡና መሐሉን በአሸዋ ሙሉት፤ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጡት፤ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር አኑሩት። ውሃው እየተነነ ውስጡን ያቀዘቅዛል። ብልቃጡ እንዳይረጥብ በላስቲክ ይጠቅለል። አየሩ ደረቅ በሆነበት አካባቢ ይህ ጥሩ ይሠራል፤ አየሩ እርጥበት ካዘለ ግን ትነቱ ስለሚቀንስ ቅዝቃዜውም ይቀንሳል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው በሰሜን ኬንያ ዳዳብ የስደተኞች ካምፕ ያለውን የቤት ውስጥ ሙቀት መሠረት አድርገው ያደረጉት ጥናት በ2021 እንደ ፈረንጆቹ ታትሟል። ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚወጣና በሚወርድ ሙቀት ለ4 ሳምንት የተቀመጠ ኢንሱሊን ጉልበቱን እንደጠበቀ አሳይተዋል። ይህ ፍሪጅ ለሌለው ሰው ጥሩ ዜና ነው፤ ግን ጥናቱ ስለ 37 ዲግሪ ነው የሚናገረው፣ ፀሐይ ላይ ስለቆመ ጋቢና አይደለም።

የተበላሸ ኢንሱሊን እንዴት ይታወቃል? ጥርት ብሎ የሚታየው ዓይነት ከደፈረሰ ይጣል። በተፈጥሮው ድፍርስ የሆነው ዓይነት ደግሞ በሁለት መዳፍ መሐል ቀስ ተብሎ ይንከባለል እንጂ አይናጥ፤ ተንከባልሎም ጓል ጓል ካለ ወይም ብልቃጡ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ይጣል። ምንም ሳይታይበትም የደከመ አለ። ምግባችሁም መጠናችሁም ሳይለወጥ ስኳራችሁ ለሁለትና ሦስት ቀን አልወርድ ካለ ብልቃጡን ጠርጥሩት። መጠኑን እየጨመራችሁ አትውጉ፤ አዲስ ብልቃጥ ስትከፍቱ ያ የጨመራችሁት መጠን ስኳራችሁን ከልክ በታች ያወርደዋልና። ጥማቱና ሽንቱ በዝቶ ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም ወይም ፈጣን ትንፋሽ ከተጨመረበት ግን ዛሬውኑ ሆስፒታል ነው።

የመለኪያው ወረቀትም እንደዚሁ ሙቀት አይወድም፤ ከቆርቆሮው አውጥታችሁ ኪስ ውስጥ አትበትኑት። ጣታችሁን ከመውጋታችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ። ማንጎ የላጠ ጣት ላይ የቀረ ጭማቂ 120 የነበረውን ከ200 በላይ ሊያስነብብ ይችላል፤ እሱን አምኖ ኢንሱሊን የጨመረ ሰው የሚደርስበትን አሁን ታውቃላችሁ።

ስለ እግር ባጭሩ። ስኳር ነርቭን ሲጎዳ እግር መስማት ያቆማል። ጫኝና አውራጅ ወንድሞቼ፣ ሚስማር ገብቶባችሁ ማታ ጫማ ስታወልቁ ደም ስታዩ ነው የምታውቁት። ሹፌሮችም ብትሆኑ ሸበጥ አድርጋችሁ በጋለ ወለል ላይ ስትነዱ እግራችሁ ሲቃጠል ላይሰማችሁ ይችላል። ድፍን ጫማና የጥጥ ካልሲ አድርጉ፤ ከማጥለቃችሁ በፊት ጫማውን ገልብጣችሁ አራግፉ። ማታ ማታ መረገጫውንና የጣቶቹን መሐል ተመልከቱ፤ ማየት ካልቻላችሁ ረዳታችሁ በባትሪ ይይላችሁ። ውኃ የቋጠረ ነገር ወይም ቁስል ካገኛችሁ አታፍርጡት፣ ቅጠል አትለጥፉበት፤ በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ሸፍኑትና መተሐራም ሁኑ ሚሌ፣ ቅርባችሁ ባለው ጤና ጣቢያ ታዩ። ጭነቱን ጅቡቲ አድርሼ ስመለስ ሞጆ እታከማለሁ አትበሉ።

(የመውጫ ሙዚቃ)